እንኳን ማርያም ማረችሽ! (መልስ አያስፈልገውም)

ሐኒዬ፣

እንኳን ማርያም ማረችሽ! እልል ብያለሁ። ዳዊት ማክሰኞ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ላይ «ሴት ናት፣ 3 ኪሎ ከ200፣ ሁለቱም ደህና ናቸው» ብሎ ላከልኝ። ፎቶዋንም አየሁት። ግንባሯ ቁርጥ ያንቺ ነው፤ ኩርፊያዋ ግን የአባቷ ነው፣ በዚህ ክርክር አልቀበልም።

ዕድሜና ጤና ይስጣት። በሳቅ በጨዋታ ያሳድግልሽ፣ ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ። አፏን ስትፈታም መጀመሪያ የምትጠራው አንቺን ይሁን (ይህቺን መስመር ዳዊት እንዳያነባት)።

ይህን ለማንበብም ሆነ ለመመለስ አትቸኩይ። እኔና አንቺ ሦስት ወር ሳንደዋወል ከርመን ወሬውን ካቆምንበት የምንቀጥል ሰዎች ነን፤ አሁንም ያው ነን። የማልደውለው ከሁለት አንዳችሁ ተኝታችሁ ይሆናል ብዬ ነው፣ ሌላ ትርጉም እንዳትሰጪው።

«የምትፈልጊው ነገር ካለ ንገሪኝ» አልልሽም። እንዲህ ያለው ቃል ለአራስ ሌላ ሥራ ነው፦ የጎደለውን አስቢ፣ ማንን እንደምታስቸግሪ ምረጪ፣ ከዚያ ይሉኝታው። ስለዚህ እኔ የማደርገውን ልጻፍልሽ፤ አንቺ የማይመችሽን ብቻ ሰርዢ።

ቅዳሜ 6 ሰዓት ላይ ምግብ በር ላይ ለዳዊት ሰጥቼ እመለሳለሁ፣ አልገባም። አራት ዕቃ ነው፣ ክዳኑ ላይ የተሠራበትን ቀን ጽፌበታለሁ። ፍሪጅ ውስጥ እስከ ሦስት ቀን ይቆያል፤ የማትደርሱበትን በዚያው ዕለት ፍሪዘር ውስጥ አስገቡት። ሁለቱ እያጠባሽ በአንድ እጅ የምትበዪው ነው። ዕቃውን ማጠብም መመለስም የለም። አብሮት ትልቅ የውሃ መያዣ አለ፣ ማጥቢያሽ ቦታ አጠገብ አስቀምጪው፤ ጥሙ ልክ ልጅቷ መጥባት ስትጀምር ነው የሚመጣው፣ ያኔ ደግሞ መነሳት አይቻልም።

ልብሱን ከ3 እስከ 6 ወር ላለ ልጅ የሚሆን ነው የገዛሁት። ትንንሹን ሁሉም ሰው ስለሚያመጣ ሳይለበስ ይጠባል። በጭንቅላት የሚጠለቅ ሳይሆን ፊት ለፊት የሚቆለፍ ነው። ደረሰኙ ከረጢቱ ውስጥ አለ፣ ብትቀይሪው ቅር አይለኝም።

ልጠይቅሽ የምመጣው ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ለ20 ደቂቃ ነው። እጄን ታጥቤ፣ ሽቶ ሳልቀባ፤ አልስማትም፣ ጉሮሮዬን ከከረከረኝም አልመጣም። ተኝታ ካገኘኋት አትቀስቅሻት። አንቺ ገላሽን ስትታጠቢ እይዛታለሁ፣ ወይም እሷ አንቺ ጋ ትሁንና እኔ ዕቃ አጥባለሁ።

አሁን ደግሞ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ብቻሽን ስትሆኚ እንዲያግዝሽ አንድ ሁለት ነገር። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ክብደቷ ትንሽ ቢቀንስ የሚጠበቅ ነው፤ ብዙ ሕፃናት በሁለት ሳምንት ውስጥ የተወለዱበትን ኪሎ ይመልሳሉ። በቀን በሌሊት ከ8 እስከ 12 ጊዜ ብትጠባ ወተትሽ አንሷት አይደለም፣ ሆዷ ትንሽ ስለሆነ ነው። ለቅሶዋ ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ይጨምርና ስድስተኛው አካባቢ ይብስበታል፣ ከዚያ እየቀነሰ ይሄዳል። ያኔ «ምን አጎደልኩባት?» ማለት እንደምትጀምሪ አውቃለሁ። ምንም አላጎደልሽም። ሙቀቷ 38 ዲግሪ ከደረሰ ግን አታመንቺ፣ በዚያችው ሰዓት ሐኪም ጋ ውሰጃት። አንቺም ያለ ምክንያት እንባ ቢመጣብሽ በእነዚህ ቀናት የተለመደ ነው፤ ከሁለት ሳምንት ካለፈ ወይም ከከበደሽ ለሐኪምሽ ንገሪ፣ ለእኔም እኩለ ሌሊት ቢሆን ደውይ። ለዚህ ስልኬ ክፍት ነው።

ስድስተኛውን ሳምንት ስልኬ ላይ መዝግቤዋለሁ። ያን ጊዜ ጠያቂው ይሳሳል፣ ዳዊትም ሥራ ይመለሳል፣ እንቅልፍ ማጣቱ ግን እንዳለ ነው። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ለአንድ ወር ሐሙስ ሐሙስ ከ11 ሰዓት ተኩል እስከ 1 ሰዓት ተኩል ልጅቷ የእኔ ናት። አንቺ ትተኛለሽ። እንግዳ ተቀብዬ ላጫውት ብትዪ እቀየምሻለሁ።

ዳዊት ስለ ቅዳሜው «ይሁን» ወይም «ይቅር» ብሎ አንድ ቃል ይላክልኝ፣ ይበቃኛል።

የአንቺው፣
ቤዛ

ልብሱ ላይ የተሰካችው ካርድ የእሷ ናት፣ ካልተገኘች ይኸውና፦

«ለትንሿ እመቤት፦ እንኳን ደህና መጣሽ። እናትሽ ሳትሰለች የምታዳምጥ፣ ስትስቅ ጎረቤት የምትቀሰቅስ ሴት ናት፤ ዕድለኛ ነሽ። በሌሊት ትንሽ አስተኛት። አክስትሽ ቤዛ።»