ቤቱን ለዘጠኝ ወራት ለሌላ ሰው ለማከራየት የቀረበ የፈቃድ ጥያቄ

መስከረም 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአቶ ተስፋዬ

ጉዳዩ፦ የተከራየሁትን ቤት ከጥቅምት 1 ቀን እስከ ሰኔ 30 ቀን 2018 ዓ.ም. በእኔ ኃላፊነት መልሼ እንዳከራይ የጽሑፍ ፈቃድ ስለመጠየቅ

የተከበሩ አቶ ተስፋዬ፣

ባለፈው እሑድ በግቢው በር ላይ በጥቂቱ እንደነገርኩዎት፣ መሥሪያ ቤቴ ለዘጠኝ ወራት በሌላ ከተማ እንድሠራ መድቦኛል። የምድብ ደብዳቤውን ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። ምድቡ ጊዜያዊ ነው፤ ሲያበቃ ወደ ቀድሞው ሥራዬ፣ እርስዎ ከፈቀዱም ወደዚሁ ቤት እመለሳለሁ። በውላችን አንቀጽ 7 መሠረት ያለ እርስዎ የጽሑፍ ፈቃድ ቤቱን ለሦስተኛ ወገን ማከራየት አልችልም። በቃል የተባባልነው በቂ ስላልሆነ ጥያቄዬን ከነዝርዝሩ በዚህ ደብዳቤ አቀርባለሁ።

ቤቱን ዘግቼ ኪራዩን እየከፈልኩ መሄድንም አስቤበት ነበር። ነገር ግን ሰው የሌለበት ቤት ይጎዳል። ለወራት ውሃ ያልፈሰሰበት የመታጠቢያ ቤት ማስወገጃ ደርቆ ሽታ ወደ ውስጥ ያስገባል፤ ከወጥ ቤቱ የሚጀምር ትንሽ ፍሳሽም የሚያየው ስለማያገኝ ከእኛ ወለል አልፎ የእርስዎን ጣሪያ እስኪያረጥብ ድረስ አይታወቅም። ውሉን ጨርሶ ለሌላ ሰው ማስተላለፍ ደግሞ እኔን ከኃላፊነት ነፃ ያወጣኛል፤ እርስዎንም ከማያውቁት ሰው ጋር ብቻዎን ያስቀራል። ይህን አልፈልግም። የምጠይቀው ውላችን እንዳለ ሆኖ፣ የእኔም ግዴታ ሳይቀነስ፣ በመካከሉ ሌላ ሰው እንዲኖርበት ብቻ ነው።

ያሰብኳት ሰው ወይዘሪት ሂሩት ትባላለች። በመሥሪያ ቤታችን የሂሳብ ክፍል ባልደረባዬ ናት፤ የምትኖረው ከእናቷ ጋር ነው። ሌላ የሚገባ ሰው የለም። አሁን ካለችበት ቤት የምትለቀው አከራይዋ ለልጃቸው ስለፈለጉት ሲሆን፣ ኪራይ አጓድላ እንደማታውቅ የሚገልጽ ደብዳቤ ጽፈውላታል። እርስዎና ቤተሰብዎ በምድር ቤቱ ስለምትኖሩና የምንገባውም በአንድ በር ስለሆነ፣ ከወረቀቱ ይልቅ የምትገባው ሰው ማንነት ይበልጥ እንደሚያሳስብዎት አውቃለሁ። ስለዚህ ከመወሰንዎ በፊት በሚመችዎት ቀን ይዣት መጥቼ ላስተዋውቅዎት። አነጋግረዋት ካልተስማማችዎት ምክንያት እንዲነግሩኝ አልጠይቅም፤ ሌላ ሰው አቀርባለሁ ወይም ነገሩን እተወዋለሁ።

የኪራዩን ነገር በተመለከተ፣ እንደ ወትሮው ወር በገባ እስከ አምስተኛው ቀን ድረስ ከእኔ የባንክ ሂሳብ ወደ እርስዎ ሂሳብ ይገባል። እርሷ ለእኔ ብታዘገይም ባታዘገይም ይህ አይለወጥም። ከእርሷ የምቀበለው ለእርስዎ የምከፍለውን ያህል ብቻ ነው፤ በቤትዎ ላይ ትርፍ አልይዝም። የእርሷንና የእኔን ውል ከመፈረማችን በፊት አንብበው እንዲያርሙት እሰጥዎታለሁ።

በእጅዎ ያለው የሁለት ወር መያዣ እንዳለ ይቀጥላል። ከዚያ በተጨማሪ ወይዘሪት ሂሩት የአንድ ወር ኪራይ መያዣ ታስይዛለች፤ ይህም ገንዘብ በእኔ ሳይሆን በእርስዎ ዘንድ በደረሰኝ ይቀመጥ። ስትወጣ የደረሰ ጉዳት ካለ በጥገናው ደረሰኝ ልክ ተቀንሶ፣ ቀሪው ቤቱን ባስረከበች በ15 ቀን ውስጥ ይመለስላታል። መያዣው ያልሸፈነውን እኔ እከፍላለሁ። ወንድሟም ዋስ ሆኖ ይፈርማል።

ርክክቡን ሦስታችንም ባለንበት፣ ክፍል በክፍል እየዞርን እንድናደርገው እፈልጋለሁ። ግድግዳውን፣ ወለሉን፣ በርና መስኮቱን ፎቶግራፍ አንስተን፣ የመብራትና የውሃ ቆጣሪውን ንባብ መዝግበን በእቃ ዝርዝሩ ላይ እንፈርማለን። አሁን ያለውን ጉድለት ከወዲሁ ልጥቀስ፦ የመኝታ ቤቱ መስኮት በዝናብ ወቅት እንጨቱ ስለሚያብጥ አይዘጋም፤ ከእጅ መታጠቢያው ሥር ያለው የውሃ መዝጊያም ጠጣር ነው፤ በኃይል ከተጠመዘዘ ከነቧንቧው ሊነቀል ይችላል። መዝጊያውን ከመሄዴ በፊት በራሴ ወጪ አስቀይረዋለሁ። መስኮቱን ግን የቤቱ አካል ስለሆነ እርስዎ እንደፈቀዱ ይሁን። እዚህ ላይ የምዘረዝረው በኋላ «ማን አበላሸው» የሚል ክርክር ላይ እንዳንደርስ ነው፤ በአከራይና በተከራይ መካከል ቅሬታ የሚነሳው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ ላይ ካልተመዘገበ ነገር ነውና።

ወይዘሪት ሂሩት ዋናውን ውል አንብባ በግዴታዎቹ ሁሉ እንደምትገዛ ትፈርማለች። ቤቱን በተራዋ ማከራየት፣ ለንግድ መጠቀም፣ ግድግዳ መቀየር ወይም ቁልፍ መለወጥ አትችልም። ከሁለት ሳምንት በላይ የሚቆይ እንግዳ ካለ ለእርስዎ አስቀድማ ታሳውቃለች። እርስዎም በአንድ ቀን ማስታወቂያ ቤቱን የመመልከት መብትዎ እንደተጠበቀ ነው፤ ውሃ የሚያፈስ ወይም እሳት የሚያሰጋ ነገር ከተፈጠረ ደግሞ ማስታወቂያ አያስፈልግም።

እኔ በሌለሁበት የእኔ ወኪል እህቴ ሰላማዊት ናት። በጽሑፍ ውክልና እሰጣታለሁ፤ ከእርስዎ የሚመጣ ማንኛውም ማስታወቂያ ለእርሷ ከደረሰ ለእኔ እንደደረሰ ይቆጠራል። ትንንሽ ጥገናዎችን ወዲያውኑ የምታሠራውም እርሷ ናት።

ወይዘሪት ሂሩት ከውሉ ውጪ የሆነ ነገር ብትፈጽም ወይም የቤተሰብዎን ሰላም ብትነሳ፣ በጽሑፍ ባሳወቁኝ በአሥር ቀን ውስጥ ጉዳዩን አስተካክላለሁ። ይህን ካላደረግሁ ፈቃዱን በ30 ቀን ማስታወቂያ መሰረዝ ይችላሉ፤ ሰዎቹን የማስወጣቱ ሥራና ወጪም የእኔ ነው። የእርሷ ውል በማንኛውም ሁኔታ ሰኔ 30 ቀን ያበቃል፤ የእኛ ውል የሚያበቃው ነሐሴ 30 ስለሆነ ከእርሱ አያልፍም። በሌላ ምክንያት የእኛ ውል ቀድሞ ቢቋረጥ የእርሷም አብሮ ይቋረጣል፤ ይህን አውቃ ነው የምትፈርመው። መሥሪያ ቤቴ ጊዜውን ቢያራዝምብኝ ከሁለት ወር በፊት አሳውቅዎታለሁ፤ አዲስ ፈቃድ ካልሰጡኝም ዝምታዎን እንደ ፈቃድ አልቆጥረውም።

በዚህ ቤት አራት ዓመት ኖሬያለሁ። ልጄ ደረጃውን መውጣት የለመደው እዚሁ ነው፤ ከሥራ ስዘገይም ባለቤትዎ ስንት ጊዜ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ተቀብለው አቆይተውልኛል። ተመልሼ መኖር የምፈልገው ለዚህ ነው፤ ቤቱን በማላምነው ሰው እጅ ትቼ መሄድ የማልችለውም ለዚሁ ነው።

ውሳኔዎን እስከ መስከረም 18 ቀን በጽሑፍ ቢያሳውቁኝ ለዝግጅት ጊዜ አገኛለሁ። የሚጨመር ወይም የሚለወጥ ቅድመ ሁኔታ ካለ በዚሁ ደብዳቤ ጠርዝ ላይ ቢጽፉልኝም ይበቃል። ፈቃድዎ በጽሑፍ እስኪደርሰኝ ድረስ ለወይዘሪት ሂሩት ቁልፍ አልሰጥም፤ ከእርሷም ምንም ገንዘብ አልቀበልም። ባይፈቅዱ በውላችን መሠረት የ30 ቀን ማስታወቂያ ሰጥቼ ቤቱን አጽድቼ አስረክባለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣

ብርቱካን
የላይኛው ፎቅ ተከራይ

አባሪ፦ የምድብ ደብዳቤ፤ የወይዘሪት ሂሩት የቅጥር ማረጋገጫና የመታወቂያ ቅጂ፤ የቀድሞ አከራይዋ ደብዳቤ፤ የወንድሟ የዋስትና ቃል፤ የታሰበው ውል ረቂቅ

ግልባጭ፦ ለእህቴ ሰላማዊት