ለእማማ፣ ቤታችን ስለሚገቡበት ሁኔታ

ሰኔ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.
ድሬዳዋ፣ ሳቢያን

ይድረስ ለእማማ፣

ጤና ይስጥልኝ። ጉልበትዎን እንዴት አደረገዎት? ይህን ጉዳይ በአፌ ልነግርዎ ሁለት ጊዜ መጥቼ አፍሬ ተመለስኩ። ስለዚህ ጻፍኩት።

ቤትዎን ተከራይተን እዚህ ግቢ ከገባን አራት ዓመታችን ነው። ሚጣን ስወልድ ገንፎ ያገነፉልኝ እርስዎ ነዎት። ያንን አልረሳም።

ሳያንኳኩ በትርፉ ቁልፍ ከፍተው መግባትዎ ግን ከብዶናል። ባለፈው ሐሙስ ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ነው። በዚያ ሰዓት የድሬን ሙቀት ያውቁታል። በሩን ቆልፈን፣ እኔ በስስ ሽቲ ወለሉ ላይ ጋደም ብዬ ነበር። ቁልፉ ሲዞር ሰማሁ። ነጠላዬ ጋ ሳልደርስ እርስዎና የቧንቧ ሠራተኛው መሀል ቤት ደርሳችኋል። ሰውየው ፊቱን አዞረ። እኔ ግን እስካሁን መንገድ ላይ ሳየው አንገቴን እደፋለሁ። ባለቤቴም የማታ ሺፍት አድሮ ስለሚመጣ፣ በቀን የሚተኛባት ሰዓት እሷ ብቻ ናት።

ከሁሉ ያሳዘነኝ ትልቋ ልጄ ናት። ከዚያ ቀን ወዲህ ልብስ ስትቀይር በሩን በወንበር ታስደግፋለች። ገና 11 ዓመቷ ነው።

ለክፋት እንዳልገቡ አውቃለሁ። የድሬ ውሃ ነጭ ነጭ እየጋገረ ቧንቧ ይደፍናል፤ ካልተከታተሉት ቤቱ ይጎዳል። ቤቱ የእርስዎ ነው። የምንተኛበትና የምንታጠብበት ግን እኛ ነን።

እንዲህ ብናደርግስ? ቤቱን ማየት ሲፈልጉ ቅዳሜ ጠዋት ከ3 እስከ 5 ሰዓት ይሁን፤ ያኔ ሁላችንም አለን። ሠራተኛ የሚያመጡ ከሆነ ከአንድ ቀን በፊት ይደውሉልኝ፣ እኔም ዕቃውን አነሳሳለሁ። ለቆጣሪው መግባት አያስፈልግዎትም፤ ወር በገባ ቁጥር በስልክ አንስቼ አሳይዎታለሁ። ትርፉ ቁልፍ እርስዎ ጋ ይቀመጥ። ቧንቧ ቢፈነዳ ወይም መብራት ቢያቃጥል፣ እኛም ከሌለን፣ ደውለው ይክፈቱት፤ ቅር አይለንም። ሌላ ጊዜ ግን በር ላይ ቆመው «ቤቶች!» ይበሉን። «ይግቡ» እስክንል ትንሽ ይታገሱን። እርስዎ ራስዎ ጎረቤት ሲሄዱ የሚያደርጉት ነው።

ውላችን ላይ ስለዚህ የተጻፈ ነገር የለም። ከተስማሙ በአንድ ወረቀት ጽፈን ሁለታችንም እንፈርምበት። ሰዓቱ የማይመችዎ ከሆነ ሌላ ይንገሩኝ፣ እንነጋገራለን።

የሮቶው እጥበት ለዚህ ቅዳሜ ነው ብለውኝ ነበር። ከ3 ሰዓት ጀምሮ እጠብቅዎታለሁ፤ ቡናውም ይፈላል።

አክባሪዎ፣
የሚጣ እናት