ጉዳይ፦ የዳታ ተንታኝ ማመልከቻ (መለያ ቁጥር DA-0417) የደረሰበትን ደረጃ ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ ወ/ሮ ሂሩት፣

ለዳታ ተንታኝ የሥራ መደብ ያስገባሁት ሲቪ አውቶማቲክ ማጣሪያውን ማለፉን የሚገልጽ መልእክት መጋቢት 4 ቀን ደርሶኛል፤ አመሰግናለሁ። ከዚያ ወዲህ በማመልከቻ ገጹ ላይ ያለው ሁኔታ "Under Review" እንደሚል ነው።

ከማጣሪያው በኋላ ማመልከቻው በሰው መታየት እንዳለበት፣ ይህም ጊዜ እንደሚወስድ እረዳለሁ። ውሳኔውን ለማስቸኮል ሳይሆን፣ ማመልከቻዬ ለክፍሉ ኃላፊ ተላልፎ እንደሆነና ቀጣዩ ደረጃ የስልክ ቃለ መጠይቅ ይሁን የተግባር ፈተና ቢገልጹልኝ ለመዘጋጀት ይረዳኛል።

አንድ ነገር ላሳስብዎ። ሲቪዬ በሁለት ዓምድ የተከፈለ ስለነበር ሥርዓቱ መስመሮቹን አቀላቅሎ አንብቧቸዋል፤ አሁን ያለሁበትን ሥራ የጀመርኩት በ2014 ሲሆን በገጹ ላይ 2011 ተብሎ ተመዝግቧል። 2011 የቀድሞው ሥራዬ መነሻ ነው። ማመልከቻው ከገባ በኋላ ገጹ እርማት ስለማይቀበል፣ ይዘቱ ሳይለወጥ በአንድ ዓምድ የተዘጋጀውን ቅጂ በፒዲኤፍ አያይዣለሁ። ገምጋሚዎቹ ከገጹ ይልቅ ይህን ቢመለከቱ ቀኖቹ አይጋጩባቸውም።

ለቃለ መጠይቅ ከሰኞ እስከ ዓርብ ከ10 ሰዓት በኋላ እመቻለሁ፤ አስቀድሞ ከተነገረኝ ጠዋትም ማመቻቸት እችላለሁ። ሥራ ለመጀመር ደግሞ አሁን ላለሁበት መሥሪያ ቤት የ30 ቀን ቅድመ ማስጠንቀቂያ መስጠት ይጠበቅብኛል።

መደቡ በሌላ ሰው ተይዞ ከሆነም በአጭሩ ቢያሳውቁኝ አመሰግናለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ዮናስ

አባሪ፦ ሲቪ (ባለ አንድ ዓምድ፣ 2 ገጽ)