ለቡና ቀማሽ የሥራ መደብ የተግባር ፈተናና ቃለ መጠይቅ ጥሪ

ከ፦ የሰው ኃይል አስተዳደር ክፍል፣ ቃሊቲ
ለ፦ ወ/ሪት ሕይወት፣ ጅማ
ግልባጭ፦ ለጥራት ላቦራቶሪ ኃላፊ
ቀን፦ ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለወ/ሪት ሕይወት፣

ጤና ይስጥልኝ። በጥራት ላቦራቶሪያችን ለወጣው የቡና ቀማሽ የሥራ መደብ ያቀረቡት ማመልከቻ የመጀመሪያውን ማጣሪያ አልፏል። ለሁለት ክፍት ቦታዎች ለፈተና የተጠራችሁት ስድስት ናችሁ። ቀጥሎ ያለው የተግባር ፈተናና ቃለ መጠይቅ ሲሆን ሁለቱም በአንድ ቀን ያልቃሉ።

ቀኑ፦ ማክሰኞ፣ ኅዳር 23 ቀን 2018 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ ዲሴምበር 2 ቀን 2025)
ሰዓቱ፦ ከጠዋቱ 2፡30 እስከ ቀኑ 9፡00 ገደማ። ስልክዎ በውጭ አቆጣጠር የሚሠራ ከሆነ ከ8፡30 እስከ 3፡00 ማለት ነው።
ቦታው፦ አዲስ አበባ፣ ቃሊቲ፣ የቡና ማዘጋጃ ፋብሪካችን፣ አንደኛ ፎቅ፣ የቅምሻ ክፍል

ፋብሪካው ከቃሊቲ መናኸሪያ አልፎ ወደ አቃቂ በሚወስደው ዋና አስፋልት ላይ፣ በግራ በኩል፣ ትልቅ አረንጓዴ በር ያለው ግቢ ነው። ከሳሪስ በኩል በታክሲ ከመጡ ለረዳቱ «የቡና ፋብሪካው ጋ» ቢሉት ያወርድዎታል። ጠዋት ጠዋት መንገዱ በጭነት መኪና ስለሚጨናነቅ ሰዓቱን ሰፋ አድርገው ይነሡ። በር ላይ ስምዎ በጥበቃዎች መዝገብ ይገኛል፤ መታወቂያ አሳይተው መግባት ብቻ ነው። እስከ 2፡15 ቢደርሱ ዐረፍ ለማለት ጊዜ ይኖርዎታል።

ከጅማ እንደሚመጡ አውቀናል። በዚያው ጠዋት ተነሥተው ሊደርሱ ስለማይችሉ ሰኞ ኅዳር 22 እንዲገቡ እንመክራለን። ለዚያች ሌሊት ከፋብሪካው አጠገብ ባለ እንግዳ ማረፊያ ክፍል እንይዛለን፤ ሒሳቡም በእኛ ነው። የደርሶ መልስ የአውቶብስ ወጪዎን ትኬቱን ሲያስረክቡ በዕለቱ በጥሬ ገንዘብ እንከፍላለን፤ ስለዚህ ትኬቱን አይጣሉት። በራስዎ ምርጫ በአውሮፕላን ከመጡም የምንሸፍነው የአውቶብሱን ዋጋ ያህል ነው።

ስለ ፈተናው በደንብ ላስረዳዎት። አንዳንድ ቀጣሪ የፈተናውን ይዘት ይደብቃል። እኛ ማየት የምንፈልገው ድንጋጤዎን ሳይሆን ችሎታዎን ስለሆነ ምን እንደምንጠይቅዎት አስቀድመው ቢያውቁ ደስ ይለናል።

መጀመሪያ የጥሬ ቡና ምዘና አለ። እያንዳንዳቸው 350 ግራም የሆኑ ሁለት ናሙናዎች ይሰጥዎታል፤ አንዱ የታጠበ፣ ሌላው ያልታጠበ ነው። እርጥበት ይለካሉ፣ በወንፊት ያበጥራሉ፣ ከዚያ ጥቁሩን፣ የገማውን፣ በነፍሳት የተበላውንና የተሰባበረውን ለይተው ይቆጥራሉ። ቆጥረው ሲጨርሱ ናሙናው ለኤክስፖርት ይለፍ ወይስ ይመለስ የሚለውን በአንድ አንቀጽ ይጽፉልናል። ከመዝገቡ ቁጥር በላይ ነጥብ የምንሰጠው ለዚህ አንቀጽ ነው። እርጥበቱ ከ11.5 በመቶ በላይ የሆነ ቡና ሲያገኙ ምን ይወስናሉ? አቅራቢው በር ላይ ቆሞ እየጠበቀ ቢሆንስ? እንዲህ ያለው ጉዳይ በሥራው ላይ በየሳምንቱ ይገጥምዎታል። ለዚህ ክፍል የተመደበው አንድ ሰዓት ነው።

ሁለተኛው ሦስት ማዕዘን የምንለው ፈተና ነው። ስድስት ረድፍ ይቀርብልዎታል፤ በየረድፉ ሦስት ሲኒ አለ፤ ሁለቱ አንድ ዓይነት ቡና ሲሆኑ አንዱ ይለያል። የተለየውን ማውጣት ነው። ክፍሉ በቀይ መብራት ስለሚሆን ቀለሙን አይተው መገመት አይቻልም። ስድስቱንም ማግኘት ግዴታ አይደለም። አንድ ረድፍ ከከበደዎት ዘለው ወደ ሚቀጥለው ይሂዱና በኋላ ይመለሱበት፤ ሲኒው ሲቀዘቅዝ ልዩነቱ ብዙ ጊዜ የበለጠ ይወጣል።

ሦስተኛው ሙሉ ቅምሻ ነው። አራት ናሙና፣ ለእያንዳንዱ አምስት ሲኒ። ለ150 ሚሊ ሊትር ውሃ 8.25 ግራም ቡና እንጠቀማለን፤ ቆልቶ መፍጨቱ የኛ ሥራ ነው። ውሃው ከፈሰሰ ከአራት ደቂቃ በኋላ አረፋውን የሚሰብሩት እርስዎ ነዎት። ነጥብ የሚሰጡት በሁለት ቅጽ ነው፤ አንዱ የውጭ ገዢዎች የሚጠይቁት የ100 ነጥብ ቅጽ፣ ሌላው ለጥሬው 40፣ ለስኒው 60 የሚይዘው አገር ውስጥ የለመድነው። ናሙናዎቹ በቁጥር ብቻ የተሰየሙ ናቸው። የመጡበትን አካባቢ ገምተው ቢጽፉ ተጨማሪ ነጥብ አይገኝበትም፤ ይርጋጨፌን ከሊሙ መለየት ደስ ቢልም የምንፈልገው ያው ቡና በተለያየ ሲኒ ሲመጣ ተመሳሳይ ነጥብ የሚሰጥ ምላስ ነው። ከአራቱ ናሙናዎች ሁለቱ አንድ ቡና ሊሆኑም ላይሆኑም ይችላሉ። ከዚህ በላይ አልናገርም!

ስለ ጾም አንድ ነገር። ቀኑ በነቢያት ጾም ውስጥ ይውላል። ከቀትር በፊት እህል ውሃ የማይቀምሱ ከሆነ ሲመልሱልን ይጠቁሙን፤ የጥሬ ቡናውን ምዘናና ቃለ መጠይቁን ጠዋት አድርገን ቅምሻውን ወደ ከሰዓት እናዞራለን። ይህን ስላሳወቁ የሚቀነስብዎት ነገር የለም፤ ከስድስታችሁ መካከል ሌላም ጠያቂ እንደሚኖር እንጠብቃለን። ምሳ ከኛ ነው፤ የጾም ምግብ ይዘጋጃል።

ጉንፋን ከያዘዎትም ይንገሩን። በተዘጋ አፍንጫ መቅመስ እርስዎንም እኛንም አይጠቅምም። እስከ ዋዜማው ማታ ካሳወቁን እስከ ኅዳር 30 ባሉት ቀናት ሌላ ቀን እንሰጥዎታለን።

በዕለቱ ሽቶ፣ ሽታ ያለው ቅባትና ሊፕስቲክ አይጠቀሙ። ልብስዎ እጣን የታጠነ ቢሆን ሳይቀር አጠገብዎ ያለው ተፈታኝ ሲኒውን ትቶ እርስዎን ያሸታል። ቁርስ የሚበሉ ከሆነ ነጭ ሽንኩርትና በርበሬ ያለበትን ይተዉት። ነጭ ጋውን፣ ማንኪያና መትፊያ ኩባያ እናቀርባለን፤ የለመዱት የራስዎ ማንኪያ ካለ ግን ይዘው መምጣት ይችላሉ።

ቃለ መጠይቁ ከ40 ደቂቃ አይበልጥም። የሚቀመጡት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ የላቦራቶሪው ኃላፊ አቶ ደረጀ፣ የኤክስፖርት ክፍል ኃላፊዋና እኔ። በአማርኛ እንነጋገራለን፤ ገዢዎች የሚጽፉልን በእንግሊዝኛ ስለሆነ የመጨረሻው አሥር ደቂቃ በእንግሊዝኛ ይሆናል። አንድ የገዢ ቅሬታ እናነብልዎታለን፤ መልስ የሚሰጡት በቃል ነው። የንግግር ዘዬዎ አይመዘንም።

ይዘው የሚመጡትን ማስረጃ በተመለከተ፣ የዲግሪዎንና የትራንስክሪፕትዎን ዋናና አንድ አንድ ኮፒ፣ የፋይዳ መታወቂያዎን፣ እንዲሁም የሥራ ልምድ ደብዳቤዎችዎን ያምጡ። ደብዳቤው ከመቼ እስከ መቼ በምን መደብ እንደሠሩ የሚገልጽና ማኅተም ያለበት ይሁን። በማመልከቻዎ ላይ ሁለት የሥራ ቦታ ጠቅሰዋል፤ ያያያዙት ግን የአንዱን ብቻ ነው። የሁለተኛውን ማግኘት ካልቻሉ የቅጥር ውልዎ ወይም የደመወዝ መክፈያ ወረቀትዎ ኮፒ ይበቃናል። የቅምሻ ሥልጠና ወይም የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ካለዎት ያካትቱት፤ ባይኖርዎት ከፈተናው አያስቀርዎትም። ዋናዎቹን አይተን ወዲያው እንመልሳለን፤ እኛ ዘንድ የሚቀረው ኮፒው ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ማየት የምፈልገው ግን ማስታወሻ ደብተርዎን ነው። የእሸት ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ላይ ሳሉ ቡናው በገንዳ የቆየበትን ሰዓትና በኋላ ስኒው ላይ የሰጠውን ጣዕም ጎን ለጎን ይመዘግቡ እንደነበር ጽፈዋል። አቶ ደረጀ ማመልከቻዎን ሁለት ጊዜ ያነበቡት በዚህ ምክንያት ነው። ደብተሩ ካለ፣ ቢቀዳደድም ቡና ቢፈስበትም፣ ይዘውት ይምጡ። የቀድሞ ቀጣሪዎ ምስጢር የሆነ ስም ወይም ዋጋ ካለበት በወረቀት ይሸፍኑት።

አሁን የማያስፈልገውንም ልንገርዎት፤ ሰው በከንቱ ወጪ ሲያወጣ አይቻለሁ። የዋስ ወረቀት፣ የጤና ምርመራ ውጤትና የመልቀቂያ ደብዳቤ አያምጡ። እነዚህ ከተመረጡ በኋላ የሚጠየቁ ናቸው፤ የጤና ምርመራውን ወጪ የምንችለው እኛ ነን። አሁን ላሉበት መሥሪያ ቤት ያለ ፈቃድዎ አንደውልም። በመመዝገቢያም ሆነ በፎርም ስም ገንዘብ የሚጠይቅዎ ሰው ቢኖር ከኛ ስላልሆነ አይክፈሉ፤ ለእኔ ይጻፉልኝ።

የደመወዝ ነገር መጨረሻ ላይ ሲነሣ ሁላችንም ስለምንሸማቀቅ ከወዲሁ ላስቀምጠው። እርከኑ በወር ከ24,000 እስከ 30,000 ብር ያልተጣራ ነው፤ የት እንደሚያርፍ የሚወስነው ልምድና የፈተናው ውጤት ነው። በጡረታው በኩል ድርጅቱ 11 በመቶ፣ ሠራተኛው 7 በመቶ ያዋጣል። የሙከራ ጊዜው በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት 60 የሥራ ቀን ነው። አዲሱ ምርት ሲገባ በቀን የሚቀመሰው ናሙና ይበዛል፤ ቅዳሜ ሙሉ ቀን የሚሠራባቸው ወራትም አሉ። ይህን አስበውበት ቢመጡ ጥሩ ነው።

መምጣትዎን እስከ ማክሰኞ ኅዳር 16 ቀን፣ ከቀኑ 10፡00 ሰዓት ድረስ ለዚህ ኢሜይል መልስ በመስጠት ያረጋግጡልን። በመልስዎ ላይ ማረፊያ እንድንይዝልዎ ይፈልጉ እንደሆነ፣ ቅምሻው ጠዋት ይሁን ከሰዓት፣ ደረጃ ለመውጣት የሚያስቸግር ነገር ካለም ይጥቀሱልን፤ ሊፍት ስለሌለን ምድር ቤት ባለው ክፍል ልናመቻች እንችላለን። እስከዚያ ሰዓት መልስ ካልመጣ ቦታው ተጠባባቂ ለሆነው አመልካች ይተላለፋል። ውጤቱን ለተመረጠም ላልተመረጠም እስከ ታኅሣሥ 3 በኢሜይል እናሳውቃለን፤ ያልተመረጠ የፈተና ወረቀቱን ቢጠይቅ እንልክለታለን።

ከሰላምታ ጋር፣

ሰላማዊት
የሰው ኃይል አስተዳደር ክፍል ኃላፊ

ተጨማሪ፦ ሰኞ ማታ ሲገቡ የማረፊያው ዘበኛ ስምዎን ይዞ ይጠብቃል። አውቶብሱ ዘግይቶ ከምሽቱ 3፡00 በኋላ የሚደርሱ ከሆነ በዚሁ አድራሻ ይጻፉልኝ፤ ማታም አየዋለሁ፤ ሹፌር ወደ መናኸሪያ እልክልዎታለሁ።