ለአዲስ የኩሽና ሠራተኞች፦ ጥሬ ሥጋና ሰላጣ አይገናኙም

እንኳን ደህና መጣችሁ። ሽርጥ ከማሰራችሁ በፊት ይህን አንብቡ። ረዘም ይላል፣ ግን ሰላጣ የሚያዘጋጀውንም፣ ሥጋ የሚከትፈውንም፣ ዕቃ የሚያጥበውንም፣ ትሪ የሚያነሳውንም ይመለከታል። ማንበብ የሚያስቸግረው ካለ የፈረቃ ኃላፊው ያነብለታል፣ ማፈር የለም።

ነገሩ ይህ ነው። ጥሬ ሥጋና ጥሬ ዶሮ ላይ በዓይን የማይታዩ ተህዋሲያን ይኖራሉ። ሳልሞኔላና ኢ ኮላይ ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ጥብሱ በደንብ ሲበስል፣ ወጡ ሲንተከተክ ይሞታሉ። ሰላጣ ግን እሳት አያይም። ቲማቲሙ ላይ ያረፈው ነገር እንዳለ ደንበኛው አፍ ይገባል። ስለዚህ ጥሬ ሥጋ የነካ ቢላ፣ መክተፊያ፣ እጅ፣ ጨርቅ ወይም ሳህን ሳይጸዳ ሰላጣ ጋ አይደርስም።

የእኛ ደንበኛ ደግሞ ብዙው መንገደኛ ነው። ከአዲስ አበባ ተነስቶ ደብረ ብርሃን ምሳ ይበላና ጣርማበርን አልፎ ወደ ደሴ ይወርዳል። ሕመሙ የሚጀምረው አንዳንዴ ከሰዓታት፣ አንዳንዴም ከቀናት በኋላ ነው። ተመልሶ መጥቶ "አሳመማችሁኝ" አይላችሁም። ቅሬታ አልመጣም ማለት ችግር የለም ማለት አይደለም።

"ታዲያ ሰው ጥሬ ሥጋ ይበላ የለ?"

አዲስ የሚገባ ሁሉ ይህን ይጠይቃል፣ ጥያቄውም ተገቢ ነው። አዎ፣ ቅዳሜና እሁድ ጥሬውም ክትፎውም ሲወጣ ይውላል። ግን ጥሬ ያዘዘ ሰው ምን እንዳዘዘ ያውቃል። አጠገቡ ተቀምጣ ለልጇ ሰላጣ ያዘዘችው እናት ግን ጥሬ ሥጋ አላዘዘችም። ሕፃን፣ ነፍሰ ጡር፣ አዛውንትና ሌላ ሕመም ያለበት ሰው ከሌላው ይልቅ ክፉኛ ይጎዳል። ዶሮን ደግሞ ጥሬውን የሚበላ የለም፣ የዶሮ ውሃ ጠብ ያለበት ሰላጣ አለቀለት፣ ይደፋል።

ሎሚና ሚጥሚጣ ይገድለዋል የሚል ካለ አትስሙት። ኮሶ በሚጥሚጣ ቢሞት ኖሮ አያቶቻችን የኮሶ መድኃኒት ባልጠጡ ነበር።

"ደብረ ብርሃን ብርድ ነው፣ ሥጋ አይበላሽም" የሚለውንም ተዉት። ከተማችን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ደጁ በእርግጥ ይበርዳል። ምድጃው ጎን ግን ሸዋ ሮቢት ነው። ተህዋሲያን ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ሙቀት ውስጥ ይራባሉ፣ ኩሽናችን ደግሞ ክረምት ከበጋ እዚያ መሃል ነው። ሥጋም የተከተፈ ሰላጣም ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጣል፣ ፍሪጁም 4 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች ማሳየት አለበት።

እሮብና ዓርብ የምታደርጉትን በሌላውም ቀን አድርጉት

በጾም ቀን ማንም ሊነግራችሁ አያስፈልግም። የፍስክ ቢላ የጾሙን ሽንኩርት ቢነካ ራሳችሁ ትጮሃላችሁ፣ የጾሙ ድስት ለብቻ፣ ማማሰያው ለብቻ፣ ዘይቱ ለብቻ። የጾም ደንበኛ ማታለል ነውር መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ችግሩ ሐሙስና ቅዳሜ ነው። ያው ሰው፣ ያው እጅ፣ ሥጋ የቆረጠበትን ቢላ በጨርቅ ጠረግ አድርጎ ቲማቲም ይከትፍበታል፣ "ፍስክ ነው፣ ምን ችግር አለው" ብሎ። በጨርቅ የተጠረገ ቢላ የጸዳ ይመስላል እንጂ አልጸዳም። በጾም ቀን የምትጠነቀቁትን ያህል በፍስክም ተጠንቀቁ፣ ከዚህ በላይ አልጠይቃችሁም። በተለይ የቅበላ ሰሞንና የፋሲካ ሳምንት ልብ በሉ። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሥጋ ጠፍቶ ይቆይና ፋሲካ ሲሆን በአንድ ጊዜ ኩሽናውን ይሞላዋል፣ በዚያ ላይ ሰዉ የልዩነቱን ልማድ ረስቶት ይጠብቃል።

ቦታውና ዕቃው

ቀይ መክተፊያ ለበሬና ለበግ ሥጋ፣ ቢጫ ለዶሮ፣ አረንጓዴ ለሰላጣና ለአትክልት። ቢላዎቹም እጀታቸው ላይ በዚያው ቀለም ፕላስተር ተጠቅልሎባቸዋል። አረንጓዴው ጠፋ ብላችሁ ቀዩን ገልብጣችሁ አትጠቀሙ፣ የመክተፊያ ጀርባም ያው መክተፊያ ነው። የእንጨቱ ግንድ የሥጋ ቆራጩ ነው፣ ሌላ ምንም አይከተፍበትም። በጣም የተጫረ ፕላስቲክ መክተፊያ ካያችሁ ለእኔ ስጡኝ፣ ስንጥቁ ውስጥ የገባውን ብሩሽ አያወጣውም።

ሰላጣ በመስኮቱ በኩል ባለው ጠረጴዛ ላይ ይዘጋጃል፣ ሥጋ በጓሮው በር በኩል። ሥጋ ተሸክሞ በሰላጣ ጠረጴዛ በኩል ማቋረጥ የለም፣ በጓሮ ዞራችሁ ግቡ።

በሰዓትም ለይተነዋል። ሰላጣው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጀምሮ ታጥቦ፣ ተከትፎ፣ ተከድኖ ፍሪጅ ይገባል። ሥጋው የሚመጣው 3 ሰዓት ገደማ ነው። ሥጋው ቀድሞ ከመጣ ፍሪጅ ግባ ይባላል እንጂ ሰላጣው ተቋርጦ አይቆረጥም።

ፍሪጅ ውስጥ ሰላጣና የበሰለ ምግብ ላይ፣ ጥሬ ሥጋ ከሥሩ፣ ዶሮ ደግሞ ከሁሉም በታች። ደም ወደ ላይ አይንጠባጠብም። ሥጋ በፌስታል ብቻ አይቀመጥም፣ ፌስታል ይቀደዳል፤ ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ ይግባ። መብራት ከጠፋ ፍሪጁን አትክፈቱ። ካልተከፈተ 4 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። ከዚያ ካለፈ ራሳችሁ አትወስኑ፣ ጥሩኝ።

ዶሮ ማጠብ

በሌላ አገር ያሉ የምግብ ደህንነት መመሪያዎች ዶሮ ጭራሽ አይታጠብ ይላሉ፣ ምክንያታቸውም ውሃው ሲረጭ ከግማሽ ሜትር በላይ ስለሚደርስ ነው። እኛ ጋ በሎሚና በጨው ደጋግሞ ያልታጠበ ዶሮ ወጥ አይሠራም፣ ስለዚህ ይታጠባል፣ ግን እንዲህ ነው፦ ጓሮ፣ በቢጫው ሳፋ፣ ውሃው ሳፋው ውስጥ ተቀድቶ፣ ከቧንቧ ሥር ሳይገባ። ሰላጣ በሚታጠብበት ገንዳ ውስጥ ዶሮ በፍጹም አይገባም። እጣቢው በጓሮው ፍሳሽ ቀስ ተብሎ ይደፋል። ከዚያ ሳፋው፣ ወለሉ፣ ሽርጡና ክንዳችሁ እስከ ክርን ድረስ ይታጠባል። ሰላጣ የሚሠራ ሰው በዚያ ቀን ዶሮ ባይነካ ይመረጣል።

ማንም ልብ የማይላቸው

የጨው ዕቃ። ጥብስ የሚሠራው ሰው ሥጋ በነካ እጁ ጨው ይዘግናል፣ ቀጥሎ ሰላጣ የሚሠራው ከዚያው ዕቃ ይዘግናል። ስለዚህ ሁለት የጨው ዕቃ አለን፣ ሁለቱም ማንኪያ አላቸው። አዋዜና ሚጥሚጣም እንደዚሁ።

ስንግ ቃሪያ። ከጥሬ ሥጋ ጋር ስለሚቀርብ ሥጋ ቆራጩ ጋ ይሠራ የሚመስለው አለ። አይደለም፣ የሰላጣ ጠረጴዛ ሥራ ነው። የተቆረጠው ሎሚም እንደዚያው። ከክትፎ ጋር የሚወጣው አይብና ጎመን በየራሳቸው ማንኪያ ይቀዳሉ፣ ክትፎውን ያገላበጠው ማንኪያ አይብ ውስጥ አይገባም።

የቧንቧና የፍሪጅ እጀታ፣ የዘይት ጠርሙስ፣ ስልካችሁ። ሥጋ እየቆረጡ ስልክ ማንሳት የለም፣ ይጥራ ተዉት።

ጨርቅ። ደም የጠረገ ጨርቅ ጠረጴዛ ሲጠርግ የሚያደርገው ማዳረስ ነው። ለሥጋ ቀይ፣ ለሰላጣ አረንጓዴ፣ ማታ ማታ ይቀቀላሉ። ስፖንጅም አትቀላቅሉ።

ጓንት። ጓንት ያደረገ ሰው እጁ ንጹሕ እየመሰለው ሁሉን ይነካል። ሥጋ የነካ ጓንት ሥጋ የነካ እጅ ነው። አውልቁ፣ ጣሉ፣ ታጠቡ።

አስተናጋጆች፣ እናንተም። ጥሬ ሥጋና ሰላጣ በአንድ ትሪ ተደራርበው አይወጡም። ከጠረጴዛ የተመለሰ የጥሬ ሥጋ ቢላና ሳህን ለብቻ ቀይ ሳፋ ውስጥ ይገባል፣ የሰላጣ ሳህን ላይ አይጣልም። ደንበኛ ያልነካው የመሰለ ሰላጣ ከጠረጴዛ ተመልሶ ዕቃ ውስጥ አይገባም።

አስተጣጠብ

እጅ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ፣ ቢያንስ 20 ሴኮንድ፣ ጥፍር ሥርና ጣት መሃልም። ከጥሬ ሥጋ በኋላ ሁልጊዜ፣ ከሽንት ቤት፣ ብር ከነካችሁና አፍንጫችሁን ከጠረጋችሁ በኋላም።

ቢላና መክተፊያ፦ መጀመሪያ በሳሙና ይታጠባል፣ ይለቀለቃል፣ ከዚያ በረኪና። ቆሻሻ ላይ በረኪና ማፍሰስ በረኪናውን ማባከን ነው፣ ቆሻሻው ጉልበቱን ይጨርሰዋል። ልኩ 5 በመቶ የሆነው በረኪና 1 የሾርባ ማንኪያ ለ4 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ነው። አንድ ደቂቃ ይቆይ፣ በራሱ ይድረቅ፣ በጨርቅ አትጥረጉት። ውሃው ከደፈረሰ ቀይሩት።

ሰላጣውም ከእርሻ ሲመጣ ንጹሕ አይደለም፣ ብዙው በወንዝ ውሃ የለማ ነው። ቅጠሉን ለያይታችሁ በውሃ አፈሩን አጥባችሁ፣ 1 የሻይ ማንኪያ በረኪና በ4 ሊትር ውሃ ውስጥ 5 ደቂቃ ዘፍዝፉ፣ ከዚያ በንጹሕ ውሃ በደንብ አለቅልቁ። ሽቶ የተጨመረበትን በረኪና ለዚህ አትጠቀሙ። በረኪናን ከኮምጣጤ፣ ከሎሚ ወይም ከሌላ ማጽጃ ጋር መቀላቀል ክልክል ነው፣ መርዛማ ጋዝ ያወጣል።

ውሃ በሚጠፋበት ቀን ከሮቶው ትጠቀማላችሁ። ሮቶውም ካለቀ ሰላጣ አይወጣም፣ አስተናጋጆቹ "ዛሬ የለም" ይላሉ፣ በቃ።

ከተነካካ

ደም ሰላጣ ላይ ጠብ ካለ፣ ወይም የቀይ ቢላ በስህተት ቲማቲም ከቆረጠ፣ ማጠብ አያድነውም። ድፉትና ንገሩኝ። ከደመወዛችሁ አይቆረጥም፣ የተደፋ ሳፋ ሰላጣ ኪሳራው የእኔ ነው። የሚያስቀይመኝ ተደብቆ የወጣ ሰላጣ ነው። ከእናንተ በፊት የገባ ሰው ሲሳሳት ካያችሁም ተናገሩ፣ "አንተ ገና ትናንት መጥተህ" የሚላችሁ ካለ ወደ እኔ ላኩት።

ተቅማጥ፣ ትውከት ወይም ትኩሳት ያለበት ሰው ኩሽና አይገባም፣ ይደውል፣ ሰው እንተካለን። ጣቱ የተቆረጠ በፕላስተር ይሸፍነው፣ ላዩ ላይ ጓንት ያድርግ፣ እስኪድን ሰላጣ አይነካም።

በረኪናው፣ ማንኪያዎቹና ትርፍ ጨርቁ ከማጠቢያው ሥር ባለው ሳጥን ውስጥ ናቸው፣ ቁልፉ ፈረቃ ኃላፊው ጋ ነው። ፕላስተርና ጓንት ካሸሩ ጋ ጠይቁ።

የኩሽና ኃላፊ