የአንደኛ ሙት ዓመት መታሰቢያ

ሲስተር አስካለ
1938 – 2017 ዓ.ም.

ውድ አክስታችንና አሳዳጊያችን ሲስተር አስካለ በተወለዱ በ79 ዓመታቸው፣ ጥቅምት 15 ቀን 2017 ዓ.ም. በሞት ከተለዩን እነሆ አንድ ዓመት ሞላ። የኩላሊት ሕመማቸውን ሁለት ዓመት በትዕግሥት ከተሸከሙ በኋላ፣ አራታችንም በአልጋቸው ዙሪያ እያለን፣ ሊነጋ ሲል በእርጋታ ዐርፈዋል።

ሲስተር አስካለ አዋላጅ ነርስ ነበሩ። በ1959 ዓ.ም. የጀመሩትን ሥራ እስከ 1993 ዓ.ም. ድረስ፣ ጡረታ እስኪወጡ፣ ለ34 ዓመታት ሳያቋርጡ ሠርተዋል። አብረዋቸው የሠሩ ሁሉ ከሚያነሡላቸው ነገር አንዱ፣ ልጁ በሰላም ተወልዶ ሌላው ሰው እፎይ ባለበት ሰዓት እርሳቸው ከወላዷ አጠገብ አለመነሣታቸው ነው። ደም የሚፈሳት እናት ብዙ ጊዜ የምትታመመው ከወለደች በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሰዓታት መሆኑን ስለሚያውቁ፣ ተራቸው አልቆ ተተኪያቸው ከመጣች በኋላም ቢሆን የወላዷን የልብ ትርታ በእጃቸው ሳይቆጥሩ፣ ማሕፀኗ መጠንከሩን ሳይዳስሱ ወደ ቤት አይመለሱም ነበር። በዚህ ምክንያት እኛ ልጆቻቸው ደጅ ደጁን እያየን የጠበቅንባቸው ምሽቶች ጥቂት አይደሉም፤ ያን ጊዜ ቅር ይለን የነበረውን ዛሬ በኩራት እናስታውሰዋለን።

ካረፉ በኋላ ሣጥናቸውን ስንከፍት፣ በእጃቸው ያዋለዷቸውን ሕፃናት የመዘገቡባቸው ደብተሮች አገኘን። የተወለዱበት ቀንና ሰዓት፣ ክብደታቸው፣ ከዚያ በላይ ምንም የለም። በሕይወት ያልተረፉትን ግን አልዘለሏቸውም፤ እነርሱንም እንደ ሌሎቹ በሙሉ ጽፈው ከሥር በቀጭኑ አስምረውባቸዋል። ስለዚህ መስመር በሕይወታቸው አንድም ቀን አንሥተውልን አያውቁም። ደብተሮቹ የሌሎች ቤተሰቦችን ምስጢር የያዙ በመሆናቸው ማንም እንዳይገልጣቸው ተስማምተን፣ በነበሩበት ሁኔታ አሽገን አስቀምጠናቸዋል።

ወንድማቸውና ባለቤቱ በ1974 ዓ.ም. በወራት ልዩነት ተከታትለው ባረፉ ጊዜ፣ ከአሥራ አንድ ዓመት እስከ ሁለት ዓመት ዕድሜ ያለን አራት ልጆች ቀርተን ነበር። ዘመድ ተሰብስቦ አራታችንን በየቤቱ ለመከፋፈል ሲመክር፣ የሠላሳ ስድስት ዓመቷ አክስታችን «ልጆቹ አይለያዩም» ብለው ሁላችንንም ወደ አንድ ክፍል ቤታቸው ወሰዱን። እትዬ እያልን ጠራናቸው፤ እናታችን ለመባል ጠይቀው አያውቁም፣ የወላጆቻችንን ፎቶግራፍም ከራስጌያችን አላነሡም። ሌሊት ሠርተው ሲገቡ ከመተኛታቸው በፊት የቤት ሥራችንን ያዩ ነበር። ጠንካራ ነበሩ፤ ውሸትና ስንፍና ሲያዩ ይቆጡን ነበር፤ ቁጣቸው ግን አንድ ሌሊት አድሮ አያውቅም። አራታችንም ተምረን፣ ሥራ ይዘንና ትዳር መሥርተን፣ የልጅ ልጆች ለማየት አድርሰናቸዋል።

በዚህ ማስታወሻ ላይ ያለው ፎቶግራፍ በ1971 ዓ.ም. የተነሡት ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ነው። ቀለም እናስገባበት የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ ነገር ግን በነጭ የሥራ ልብሳቸው እንዲህ እንደቆሙ ብናስቀራቸው እንደሚመርጡ ስለምናውቅ ሳንነካው ትተነዋል። ጽሑፉንም በነጭ ወረቀት ላይ፣ በቀጭን ግራጫ መስመር ብቻ ከበን ያሳተምነው ደማቅ ነገር በስማቸው እንዲቀርብ ስላልወደድን ነው።

በሕመማቸው ወቅት በትጋት ላከሟቸው ሐኪሞችና ነርሶች፣ ሌሊቱን ተራ ገብተው ላስታመሙልን ጎረቤቶች፣ በቀብራቸው ዕለት ከሩቅም ከቅርብም መጥተው ላጽናኑን ወዳጅ ዘመዶች፣ እንዲሁም ስማቸውን ሳናውቅ «እኔን ያዋለዱኝ እርሳቸው ናቸው» ብለው እጃችንን ለጨበጡን ሰዎች ሁሉ ከልብ የመነጨ ምስጋናችንን እናቀርባለን። በሐዘን ብዛት ያላመሰገንነው ሰው ካለ ይቅርታ እንጠይቃለን።

ቅዳሜ ጥቅምት 15 ቀን 2018 ዓ.ም. ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ በመቃብራቸው አጠገብ፣ ከዚያም በኖሩበት ቤት እናስባቸዋለን። የሚያውቋቸው ሁሉ ከእኛ ጋር እንዲሆኑ በአክብሮት እንጋብዛለን። መምጣት ለማይችሉና ስለ እርሳቸው የሚያስታውሱት ነገር ላላቸው፣ በጽሑፍ ቢልኩልን በዕለቱ እናነበዋለን።

ነፍሳቸውን በሰላም ያሳርፍልን።

ያሳደጓቸው የወንድማቸው ልጆች፣ የልጅ ልጆቻቸውና መላው ቤተሰብ