ተሰብሮ ስለደረሰ ሴራሚክ፦ በደረሰኝ ቁጥር 00004718 ምትክ ወይም ተቀናሽ ስለመጠየቅ

ሐዋሳ፣ ዓርብ ጥር 15 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለሽያጭ ክፍል ኃላፊ
አዲስ አበባ

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? በዓሉ እንዴት አለፈ? ቤተሰብ ሁሉ ደህና ነው?

የምጽፍልዎ ትናንት ሐሙስ ጠዋት ስለደረሰኝ ዕቃ ነው። ሥራ እንደሚበዛብዎት ስለማውቅ ዋናውን ላስቀድም። ከ90 ካርቶን 60 በ60 ፖርሰሊን ውስጥ 37 ፍሬ ተሰብሮ ወይም ተሰንጥቆ ደርሷል። ከ4ቱ የእጅ መታጠቢያዎችም አንዱ ተሰንጥቋል። የምፈልገው ምትኩን ነው፤ በዚያው የቀለም ሼድ፣ እስከ ረቡዕ ጥር 20 ሐዋሳ እንዲገባልኝ። በዚያው ሼድ ከሌላችሁ ደግሞ የተበላሸው ዋጋ፣ ቫቱን ጨምሮ 28,727 ብር፣ ከሚቀጥለው ግዢዬ እንዲቀነስልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። መኪናው ረቡዕ ማታ ከናንተ መጋዘን ተነስቶ ሐሙስ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ አቶቴ ካለው መጋዘኔ ደረሰ። እኔም እዚያው ነበርኩ። የኋላው ሲከፈት ገና አንድ ካርቶን ሳይነካ ፎቶ አነሳሁ። ይህን ልማድ ያደረግኩት ድሮ አንዴ ተከራክሬ ከተረታሁ በኋላ ነው። ያኔ እጄ ላይ ከቃል በቀር ምንም አልነበረኝም።

ፎቶ 1ን ይመልከቱልኝ። ካርቶኖቹ ተኝተው ነው የተጫኑት። ሴራሚክ በጎኑ ቆሞ እንደሚጫን ለእርስዎ መንገር ድፍረት ነው፤ ይህን ሥራ ያስተማሩኝ እናንተ ናችሁ። ከፊት ያሉት በሥርዓት በጎናቸው ቆመዋል። ከኋላ በቀኝ በኩል ያሉት ግን በሁለት ረድፍ ተኝተዋል። ፎቶ 2 ላይ ደግሞ በእነዚህ በተኙት ላይ ግራጫ ዱቄት ይታያል። በጣቴ ነክቼ አየሁት፤ የሴራሚክ ኮላ ነው። የከረጢቱ ቅርጽ ሳይቀር ካርቶኑ ላይ ታትሞ ቀርቷል። እኔ ኮላ አላዘዝኩም። ሾፌሩን ስጠይቀው ሻሸመኔ ላይ ለሌላ ደንበኛ ኮላ ማራገፉን አልደበቀኝም። ስለዚህ ከአዲስ አበባ እስከ ሻሸመኔ ድረስ የኔ ሴራሚክ ተኝቶ፣ ኮላ ተጭኖት ነው የመጣው። ያ መንገድ ደግሞ ጉድጓዱ አያልቅም።

የተጎዱት 14 ካርቶኖች በሙሉ ከዚያው ጥግ የወጡ ናቸው። ከፊት ከቆሙት ውስጥ በጉዞ የተጎዳ አንድም የለም።

አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። ሲራገፍ አንዱ ልጃችን ካርቶን አምልጦት ሁለት ፍሬ ተሰብሯል። እሱ የኔ ጣጣ ነው፤ ከ37ቱ ውስጥ አልቆጠርኩትም። ልዩነቱም በዓይን ይለያል። በመውደቅ የተሰበረ ጥጉ ነው የሚረግፈው። የናንተዎቹ 32ቱ ግን መሃል ለመሃል ነው የተሰበሩት፤ ከላይ ሲጫነው እንደሚሆነው ማለት ነው። ፎቶ 4 ላይ ሁለቱን ዓይነት ጎን ለጎን አስቀምጫቸዋለሁ።

የቀሩት 5 ፍሬዎች ከሩቅ ሲያዩአቸው ደህና ይመስላሉ። እነሱን ያገኘሁት በድምፅ ነው። ከተጎዱት ካርቶኖች ሳይሰበሩ የወጡትን አንድ በአንድ አንስቼ በሳንቲም መታሁ። ደህናው ጥርት ብሎ ይጮሃል። ስንጥቅ ያለበት ድምፁ እንደ ጣውላ የታፈነ ነው። ከዚያ ጀርባውን በእርጥብ ጨርቅ ስጠርገው ስንጥቁ እንደ ፀጉር ቀጥኖ፣ ጠቁሮ ብቅ ይላል። ቪዲዮው 40 ሰከንድ ነው፤ ድምፁን ከፍ አድርገው ይስሙት። እንዲህ ያለውን ለደንበኛ ብሰጠው ዛሬ አይታወቅም፤ ሶፋው ሲቀመጥበት ነው ጉዱ የሚወጣው። ያን ጊዜ የሚወቀሰው ሴራሚክ ሠሪው ነው፣ ከዚያም እኔ።

37ቱንም መሬት ላይ ደርድሬ በጠመኔ ቁጥር ጽፌባቸዋለሁ፤ ፎቶ 5 ነው። መቁጠር ከፈለጉ ይቆጠራል። ፎቶ 3 የካርቶኑ ጽሑፍ ነው፦ ሼድ 14፣ ካሊበር 09። ፎቶ 6 የእጅ መታጠቢያው ነው። ካርቶኑ ከውጭ ምንም አልሆነም፣ ስንጥቁ ግን ከውኃ መውረጃው ቀዳዳ ተነስቶ እስከ ጠርዙ ወጥቷል። ይኼኛው በመንገድ ይሁን በፊት እርግጠኛ አይደለሁም። ብቻ ከመኪናው ወርዶ እፊታችን ሲከፈት እንዲህ ሆኖ ነው የተገኘው። ሾፌሩም ቆሞ አይቷል።

ፎቶ 7 የማስረከቢያ ወረቀቱ ነው። ከመፈረሜ በፊት "14 ካርቶን የተጎዳ፣ ዝርዝሩ ተቆጥሮ የሚገለጽ፣ 1 የእጅ መታጠቢያ የተሰነጠቀ" ብዬ ጽፌበታለሁ። ሾፌሩም ከሥሩ ፈርሟል። ሁሉንም በቴሌግራም እንደ ፋይል ነው የላክኋቸው፤ በተራው ከተላከ ጥራቱ ወርዶ ቀጫጭኖቹ ስንጥቆች አይታዩም።

አሁን ወደ ሂሳቡ። አንዱ ካርቶን 4 ፍሬ ይዞ ቫቱን ጨምሮ 2,484 ብር ነው የገዛሁት፤ አንዱ ፍሬ 621 ብር ይመጣል። 37 ፍሬ 22,977 ብር ነው። የእጅ መታጠቢያው 5,750 ብር። ድምሩ 28,727 ብር። ሙሉ ክፍያውን ጥር 5 በባንክ አስገብቻለሁ፤ ዋጋውም እናንተ እስከ ሐዋሳ የምታደርሱበትን ጭምር ነው። መኪናውን የቀጠራችሁት እናንተ ናችሁ፤ ስለዚህ ከትራንስፖርቱ ጋር እኔ ልነጋገር የምችልበት መንገድ የለም።

ምትኩን ስትልኩ ደግሞ ካርቶን አይከፈልምና 10 ካርቶን ይሁን። እሱ 40 ፍሬ ነው። የ3ቱን ፍሬ ዋጋ 1,863 ብር እኔ እከፍላለሁ፤ ያለ ዋጋ ስጡኝ አልልም። 10 ካርቶን ወደ 300 ኪሎ ቢሆን ነው፤ ለብቻው መኪና አያስፈልገውም። ወደዚህ በሚመጣ በማንኛውም ጭነት ላይ ይደረብልኝ፤ ብቻ በጎኑ ቆሞ!

ሼዱ ላይ ለምን ድርቅ እንዳልኩ ልንገርዎ። ዕቃው የታቦር ተራራ ሥር ለሚያልቅ አንድ ቤት ነው። ወለሉ 117 ካሬ ነው። ያዘዝኩት 129.6 ካሬ ነበር፤ የመቁረጫ ብክነቱን አስቤ። የኔን ሁለት ጨምሮ 39 ፍሬ ሲወጣለት እጄ ላይ የቀረኝ 321 ፍሬ፣ ማለትም 115 ካሬ ተኩል ግድም ነው። አንድም ሳይቆረጥ እንኳ ወለሉን አይጨርስም። ሳሎኑና ኮሪደሩ ያለ በር የተያያዙ ናቸው። ሼድ 14 እና ሌላ ሼድ እዚያ ላይ ጎን ለጎን ቢነጠፉ፣ በመስኮቱ ብርሃን ሲገባ ቤቱ ጥግና ጥጉ የተለጠፈ ይመስላል። ሁለቱም "ቢዥ" ተብለው ቢሸጡም ቢዥና ቢዥ አንድ አይደለም።

የቤቱ ባለቤት ልጃቸውን እሑድ የካቲት 1 ይድራሉ። ሴራሚክ ሠሪዎቹ ሰኞ ሥራ ይጀምራሉ፤ ባለኝ ዕቃ እስከ ረቡዕ ድረስ ሥራ አያጡም። ከዚያ ግን ይቆማሉ። ሐሙስ ደግሞ አስተርእዮ ማርያም ናት፤ ያን ቀን ጭነት የሚያራግፍልኝ ሰው አላገኝም። ጥር 20 ያልኩት ለዚህ ነው።

ስለዚህ የምጠይቅዎት እስከ ሰኞ ጥር 18 ከሰዓት በኋላ ድረስ አንድ መልስ ብቻ ነው፦ ሼድ 14፣ ካሊበር 09 መጋዘን ውስጥ 10 ካርቶን አለ ወይስ የለም? ካለ ከእጅ መታጠቢያው ጋር ይጫንልኝ። ከሌለ ሌላ ሼድ አትላኩልኝ፣ እባክዎን። ባለቤቱን አናግሬያለሁ፤ ለማድቤቱ ሌላ ቀለም ከዚሁ ገበያ ገዝተን እናነጥፋለን ብለው ተስማምተዋል። ያን ጊዜ 28,727 ብሩ በኔ ስም ይያዝልኝ፤ ቫቱ የተስተካከለበት የክሬዲት ኖት በደረሰኝ ቁጥሩ ተሠርቶ ይላክልኝ። በቃል "እናስብልሻለን" ብቻ እንዳይቀር፤ የሂሳብ ሠራተኛዬ በወረቀት ካልመጣላት አትሰማኝም። የእጅ መታጠቢያው ብቻ ከተገኘም እሱ ይላክና የሴራሚኩ 22,977 ብር ይያዝልኝ።

የተሰበሩትን አንዷንም አልጣልኩም። ካርቶኖቹም ዱቄታቸው እንኳ አልተራገፈም፤ ለብቻቸው አድርጌ ሸራ አልብሻቸዋለሁ። ሰው ልካችሁ ማየት ከፈለጋችሁ መጋዘኑ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ማታ 12 ሰዓት ክፍት ነው፤ ቅዳሜም እሑድም እኖራለሁ። አይተን ነው የምንወስነው ካላችሁ ግን በነዚህ ሁለት ቀን ይሁን፤ መምጣቱ ምትኩን እንዳያዘገየው። የፍትሐ ብሔር ሕጉም ገዢ ዕቃውን እንደተረከበ ፈትሾ ጉድለቱን ሳይዘገይ እንዲያሳውቅ ያዝዛል፤ እኔም ባደረ በማግሥቱ የጻፍኩልዎት እንዲያ እንዲሆን ነው።

ሾፌሩን ግን አይቆጡብኝ፣ ጋሼ። ሳይሸሽ ቆሞ ቆጥሯል፣ ፈርሟልም። ሲጫን እሱ አልነበረም አሉ፤ የጫነውን ክፍል ይጠይቁልኝ።

መልስዎን እጠብቃለሁ። ስልክ ላይ ብትደውሉልኝም አነሳለሁ፤ ነገር ግን የተስማማነውን እዚሁ በጽሑፍ ይድገሙልኝ።

ከአክብሮት ጋር
የሐዋሳዋ ደንበኛችሁ፣ የአቶቴው ሴራሚክ ሱቅ ባለቤት

አባሪ፦ 7 ፎቶ፣ 1 ቪዲዮ፣ የደረሰኙና የባንክ ማስገቢያው ቅጂ